የደብራችንን ቻናል አስመስለው ከፍተው ገንዘብ እየሰበሰቡ ነው፤ ተመልካቹን እንዴት እናስጠንቅቅ?

የመንዟ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ያለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የማገለግለው። ትንሽ የዩቲዩብ ቻናል አለን። ስብከት፣ ወረብ፣ የንግሥ በዓል እንጭንበታለን። በዚህ ክረምት ንፋስ የቤተ ክርስቲያኗን ጣሪያ ቆርቆሮ አነሣው። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ከወረዳ ቤተ ክህነት ደብዳቤ ወጣ፣ አስተዳዳሪው አባታችን ቆመው ሕዝቡን የሚለምኑበት ቪዲዮ ቀርጸን ለቀቅን።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከደብረ ብርሃን ደወሉ። «ልጄ፣ የላክሁት ገባላችሁ ወይ?» አሉኝ። ብንፈልግ ብንፈልግ የለም። ማስረጃውን ፎቶ አንሥተው ሲልኩልኝ የሒሳብ ቁጥሩ የኛ አይደለም። ከየት አገኙት ብዬ ብከታተል ሌላ ቻናል ላይ ደረስሁ። ሎጎው የኛ፣ ስሙ የኛ፣ ቪዲዮው የኛ። ስማችን ውስጥ «ሥ» አለች፤ የነሱ «ስ» ናት። ልዩነቱ እሷ ብቻ ናት። ከቪዲዮው ግርጌ ደግሞ ቁጥራችንን በቀይ መስመር ሸፍነው የራሳቸውን ጽፈውበታል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ተመልካቾቻችን አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሥራቸውን እየሠሩ ነው የሚሰሙት። ዲስክሪፕሽን የሚያነብ የለም። ምን ብዬ ልንገራቸው? የሌባውን ቁጥር አውጥቼ «ወደዚህ እንዳትልኩ» ልበል?

ታዛቢው_ከጠባሴ

እህቴ በጣም ያሳዝናል። ግን መፍትሔው ቀላል ነው። ትክክለኛ ቻናል ከስሙ ጎን የማረጋገጫ ምልክት አለው። ምልክት ከሌለው ሌባ ነው። ሰብስክራይበር ብዛትም እዩ በሏቸው። በቃ።

የስቱዲዮ_ሰው

ታዛቢው፣ ግማሹ ልክ ነህ። ግማሹ ግን እሷኑ ይጎዳታል። ዩቲዩብ ላይ ያን ምልክት ለመጠየቅ 100,000 ሰብስክራይበር ያስፈልጋል። የመንዟ ልጅ፣ እናንተ ስንት አላችሁ? አሥራ ምናምን ሺህ ብትሆኑ ነው። ስለዚህ «ምልክት የሌለው ሌባ ነው» ብላ ካስተማረች መጀመሪያ ሌባ የምትባለው ራሷ ናት። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ሰማያዊውን ምልክት በወርሃዊ ክፍያ ማግኘት ይቻላል። ምልክት ማየት ለትልልቆቹ እንጂ ለገጠር ደብር ቻናል አይሠራም።

የሰብስክራይበሩ ነገር ይሻላል። ከ2022 ወዲህ ዩቲዩብ ላይ ቁጥሩን መደበቅ አይቻልም። የከለከሉትም ለዚሁ ነው፤ አስመሳዮች ቁጥራቸውን ደብቀው ትልቅ ቻናል ይመስሉ ነበር። ግን ሰብስክራይበር ይገዛል። ብቻውን አትመኑት።

ለማየት ዓይን ላለው ሰው ሦስት ቦታ አለ። አንዱ ከስሙ በታች በ @ የሚጀምረው መለያ ነው። የሚታየውን ስም ሁለትም አሥርም ቻናል ሊጠቀምበት ይችላል። መለያው ግን የአንድ ቻናል ብቻ ነው። አስመሳዩ የግድ የሆነ ነገር ይጨምርበታል፤ መጨረሻው ላይ `_official` ወይም አንድ ቁጥር፣ አለዚያም አንድ ነጥብ። ሁለተኛው ቻናሉ የተከፈተበት ቀን ነው፤ ስለ ቻናሉ በሚለው ቦታ ገብታችሁ ታገኙታላችሁ። ሦስተኛው የመጀመሪያው ቪዲዮ። እናንተ የዛሬ ስንት ዓመት የጫናችሁት የደበዘዘ የጥምቀት ቪዲዮ ይኖራችኋል። ሌባው ያን አይሰርቅም፣ አይጠቅመውም። እሱ ጋ ያለው የልመናው ቪዲዮና ሁለት ሦስት ስብከት ብቻ ነው።

አሁን አንድ ነገር እዪልኝ። የሰረቁትን ቪዲዮ ክፈቺና አስተዳዳሪው መስቀሉን በየትኛው እጃቸው እንደያዙ ተመልከቺ።

የመንዟ_ልጅ

ወይ ጉድ! በግራ እጃቸው ነው! እኛ ጋ በቀኝ ነው የያዙት። ከኋላቸው ያለው ጨርቅ ላይ የተጻፈውም ተገልብጧል። ስንት ጊዜ አይቼው አላስተዋልሁትም።

መጀመሪያ ላይ አባታችን ቀኑን ጠርተው የሚናገሩት አለ፤ እሱን ቆርጠውታል።

የስቱዲዮ_ሰው

ምስሉን እንደ መስታወት የሚገለብጡት የዩቲዩብ ማነጻጸሪያ ያው ቪዲዮ መሆኑን እንዳይለየው ብለው ነው። አንዳንዴ ፍጥነቱን ትንሽ ይጨምራሉ፤ ያኔ የካህኑ ድምፅ ይቀጥናል። አንዳንዴ ዙሪያውን በፍሬም ይከቡታል። ቀኑን የሚቆርጡት ደግሞ ልመናው ዘንድሮም ከርሞም እንዲሠራላቸው ነው።

የተገለበጠ ፊደል እና በግራ እጅ የተያዘ መስቀል ካየሽ ቪዲዮው ከሌላ ሰው የተወሰደ ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ባለመገልበጡ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ሳይገለብጡም ይለጥፉታል።

እና ለእናቶች ይህን ሁሉ ማስተማር አይቻልም። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያዘው፦ ቁጥሩን ሳይሆን ስሙን ማየት። ቪዲዮ ላይ ያለ ቁጥር ማንም ቀብቶ ይቀይረዋል። ባንክ ውስጥ የተመዘገበውን የሒሳብ ስም ግን በቪዲዮ ማስተካከያ መቀየር አይቻልም። ባንክ የሚሠራ ሰው ካለ ያብራራው።

ቆጣሪዋ

አለሁ፣ መስኮት ላይ ነው የምሠራው። የየትኛው ባንክ እንደሆነ ይቅር።

የንግድ ባንክን ምሳሌ ላድርግ፣ ሁሉም ስለሚያውቀው። ቁጥሩ 13 አሃዝ ነው፣ ብዙ ጊዜ በ1000 ይጀምራል። የቤተ ክርስቲያኑም የሌባውም ቁጥር ሲታይ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ «ቁጥሩ ትክክለኛ ይመስላል» የሚባል ነገር የለም።

በሞባይል ስትልኩ ቁጥሩን እና የብሩን መጠን ካስገባችሁ በኋላ፣ ፒን ከመጠየቁ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። ቴሌብርም ላይ እንዲሁ የተቀባዩ ስም ይታያል። ያቺ ገጽ ናት የምትጠቅመው። ሰው ግን ቁጥሩን በትክክል መጻፉን ብቻ እየፈራ ስሙን ሳያነብ ያልፋታል። እዚያ ላይ የደብሩ ስም መጥቶ ከሆነ ቀጥሉ። የማታውቁት ሰው ስም ከመጣ ተመለሱ። ፒን እስካልገባ ድረስ ምንም አልሄደም።

መስኮት ለሚመጡት ደግሞ ይሄን ንገሩልኝ። ቅጹ ላይ ቁጥሩን ብቻ ጽፈው «ለቤተ ክርስቲያን ነው» ይሉናል። የተቀባይ ስም በሚለው ቦታ የደብሩን ሙሉ ስም ይጻፉ። ስሙና ቁጥሩ ካልተጣጣመ እኛ እዚያው እንመልሰዋለን። ስሙን ባዶ ትተው እኛ ከኮምፒውተሩ አይተን ከሞላንላቸው ግን ሌባውን አጣርተን ላክንለት ማለት ነው።

ወለተ_ሸዋሮቢት

የእናቴ ጉዳይ ከዚህ ይለያል ግን ልንገራችሁ። ቪዲዮ አይደለም። የአንድ ትልቅ ሰባኪ ቻናል ላይ «አባቴ ልጄ ታማብኛለች፣ ጸልዩልኝ» ብላ ኮሜንት ጻፈች። ታናሽ እህቴ ናት የታመመችው። ወዲያው መልስ መጣላት። የሰባኪው ፎቶ፣ የሰባኪው ስም። «ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ ልጄ፣ የልጅሽን የክርስትና ስም በቴሌግራም ላኪልን» ይላል።

ላከች። መጀመሪያ ለጧፍና ለዕጣን ተብሎ 500 ብር ጠየቋት። ትንሽ ነው ብላ ላከች። ከሳምንት በኋላ «ልጅሽ ላይ ከባድ ነገር አይተናል፣ ሱባኤ እንይዝላታለን» ብለው 3,000 አስላኳት። ሦስተኛ ሲጠይቋት ነው ለኔ የነገረችኝ። ባንክ ሄድን፣ «በፈቃዳችሁ ነው የላካችሁት፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሰው ሒሳብ መመለስ አንችልም» አሉን። እናቴ እስከ ዛሬ «እንዴት አባ አያዩኝም» ብላ ነው የምታዝነው፤ የተታለለችው በሌላ ሰው መሆኑ አልዋጥ ብሏታል።

የስቱዲዮ_ሰው

እግዚአብሔር ይማርላችሁ። ይሄ ከቻናል ስርቆቱ ይከፋል፤ የተጨነቀ ሰው መርጠው ነው የሚመጡት። «ጸልዩልኝ» የሚል ኮሜንት ሥር ነው የሚቀመጡት።

መለያው አንድ ነው። ዩቲዩብ ላይ የቻናሉ ባለቤት ራሱ በራሱ ቪዲዮ ሥር ኮሜንት ሲጽፍ ስሙ ግራጫ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ነው የሚወጣው። አስመሳዩ የሚወጣው እንደ ማንኛውም ሰው ያለ ሳጥን ነው። ፎቶውን ነካ ስታደርጉት ደግሞ ቪዲዮ የሌለው ባዶ ቻናል ይከፈታል።

የመንዟ ልጅ፣ አንቺም ይህ እንዳይመጣብሽ ስቱዲዮ ውስጥ ማስተካከያው ጋ ግቢ። የሚታገዱ ቃላት የሚል ቦታ አለ። «ቴሌግራም»፣ «ዋትሳፕ»፣ «ኢንቦክስ»፣ «በግል ያናግሩን» የሚሉትን ጨምሪ። በላቲን የተጻፉትንም። ሊንክ ያለበት ኮሜንትም እንዲያዝ ምልክት አድርጊ። ከዚያ በኋላ እነዚህ ያሉበት ኮሜንት አንቺ ሳታዪው አይወጣም። አስመሳይ ስታገኚ ኮሜንቱን አጥፍተሽ ብቻ አትተዪው፣ ሰውዬውን ከቻናሉ ደብቂው። ያኔ እሱ እየጻፈ ይመስለዋል፤ ሌላው ሰው ግን አያየውም።

ታዛቢው_ከጠባሴ

እሺ ምልክቱን ተሳስቻለሁ። ይህን ግን አልሳሳትም፦ የግለሰብ ስም የመጣበት ሒሳብ ሁሉ ሌባ ነው። ቤተ ክርስቲያን በቤተ ክርስቲያን ስም ነው የምትቀበለው።

መምሬ_ከአንኮበር_በኩል

ልጄ፣ በደንቡ ልክ ነህ። ገንዘቡ በደብሩ ስም ገብቶ በሰበካ ጉባኤው በኩል በደረሰኝ ነው መመዝገብ ያለበት። ቃለ ዓዋዲው የሚያዘውም ይህንኑ ነው። እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን በየገጠሩ በሦስት ሰው ስም በጋራ የተከፈተ የኮሚቴ ሒሳብ አለ። አስተዳዳሪው፣ ገንዘብ ያዡና አንድ ምእመን ይፈርሙበታል። አንዱ ብቻውን ማውጣት አይችልም። ይህን ሁሉ ሌባ ካልነው ስንቱን ጣሪያ ሳይከደን አስቀረነው!

የኔ ምክር ሌላ ነው። ልመና ሲለቀቅ ደብዳቤው ይታይ። ቁጥርና ቀን ያለው፣ ርእሱ ላይ ወረዳ ቤተ ክህነቱ ወይም ሀገረ ስብከቱ ያለበት፣ ማኅተሙ ፊርማውን ነክቶ ያረፈ። ማኅተሙ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ዛሬ ማኅተም በኮምፒውተር ይሠራል። ደብዳቤው የሚጠቅመው ሰው ደውሎ «በዚህ ቁጥር ደብዳቤ ጽፋችኋል ወይ?» ብሎ ስለሚጠይቅበት ነው። ለኛ አካባቢ ሀገረ ስብከቱ ደብረ ብርሃን ነው፤ የሚቀርበው በእግሩ ሄዶም ይጠይቃል።

ደግሞ ሒሳቡ በሦስት ሰው ስም ከሆነ ሦስቱንም ስም በቪዲዮው ላይ ጥሩ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ተመልካቹ ባንክ ሲገባ የሚመጣለትን ስም አስቀድሞ ይወቀው።

አቤል_የመዝሙር

ይቅርታ እኔም ችግር ደርሶብኛል። ቻናሌ ላይ የሌላ ሰው መዝሙር ጭኜ ነበር፣ ስትራይክ መጣብኝ። ሪፖርት ያደረገኝ ሰው አስመሳይ ሊሆን ይችላል? እንዴት ላስመልሰው?

የስቱዲዮ_ሰው

አቤል፣ መዝሙሩ የሌላ ሰው ከሆነ ስትራይኩ ትክክል ነው። አስመሳይ የለበትም። የመጀመሪያህ ከሆነ የዩቲዩብን የቅጂ መብት ትምህርት ጨርሰህ 90 ቀን ስትጠብቅ ይወርድልሃል፤ እስከዚያ ሌላ እንዳትጨምር። ሌላ ክር ክፈትና እዚያ እናውራ።

ግን ጥሩ ነገር አስታወስከኝ። የመንዟ ልጅ፣ ይኸው መንገድ ለአንቺ ይሠራል። ሁለት ዓይነት አቤቱታ አለ፣ ሰው ያደባልቃቸዋል። አንደኛው ማስመሰል ነው። የሌባው ቻናል ገጽ ላይ ገብተሽ `Report user` የሚለውን ትመርጫለሽ፣ ከዚያ ማስመሰልን የሚመለከተውን፤ ሲጠይቅሽ የራሳችሁን ቻናል ታሳዪዋለሽ። ሁለተኛው የቅጂ መብት ነው። እሱ ለእያንዳንዱ የተሰረቀ ቪዲዮ ለየብቻ ነው፤ ከስቱዲዮ ውስጥ የመብቱ ባለቤት ወይም ወኪሉ ነው የሚሞላው። ቪዲዮውን የቀረጻችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ጠንካራው ይሄኛው ነው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ የደረሰበት ቻናል ይዘጋል።

ቅጹን ስትሞዪ የመብቱ ባለቤት ብለሽ የምታስገቢው ስም ለሌባው ሊደርሰው ይችላል። እዚያ ቦታ ላይ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ስም አድርጊ፣ የግል ስምሽን አይሁን። እሱ ደግሞ «ቪዲዮው የኔ ነው» ብሎ ተቃውሞ ሊያቀርብ ይችላል። ያኔ 10 የሥራ ቀን አለ፣ በዚያ ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድሽን ካላሳየሽ ቪዲዮው ሊመለስ ይችላል። ሌባ ስሙንና አድራሻውን ጽፎ ይቃወማል ብዬ ግን አላስብም።

አንድ ሺህ ሰው ሰብስቦ ሪፖርት ማስደረግ አያስፈልግም። በብዛቱ አይደለም የሚወሰነው። በትክክል የተሞላ አንድ ይበልጣል።

ሜሪላንድ_ያለሁ

ከዚህም ሰላምታ። እዚህ ያለነው በባንክ ቁጥር አንልክም፤ በጎፈንድሚ ወይም በዜል ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ባለ ባንክ ገንዘብ አያወጣም። ስለዚህ እውነተኛውም ቢሆን እዚህ ባለ ሰው ስም ነው የሚከፈተው። እኛ የምናደርገው፣ ገጹ ላይ አዘጋጅ ተብሎ የተጻፈውን ሰው ስም ይዘን አገር ቤት ለደብሩ እንደውላለን። «ይህን ሰው ወክላችኋል?» እንላለን። ደብሩ በቪዲዮው ላይ ወኪሉን በስም ከጠራልን ደግሞ ጣጣው ያልቃል።

ዜል ከሄደ ሄደ ነው፣ አይመለስም። የቸኮለ ሰው ነው የሚበላው። «እስከ ጥምቀት ካልደረሰ» ሲሉህ እኮ እጅህ ይፈጥናል።

ችሎት_የማውቅ

የሕጉን ጎን ላንሣ። ይህ አታላይነት ነው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692። በኮምፒውተር የተፈጸመ ስለሆነ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለ። ከደብረ ብርሃን የደወሉት እናት ራሳቸው ለፖሊስ ማመልከት አለባቸው፤ ገንዘቡ የወጣው ከእሳቸው ነው። ደብሩም ስሙ ተወስዷልና ለብቻው ያመልክት።

ቪዲዮው ከመውረዱ በፊት ማስረጃ ያዙ። ሰው ተናዶ መጀመሪያ ያስወርደዋል፣ በኋላ ፖሊስ «የት አለ?» ሲል ምንም የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። የቻናሉን ሙሉ አድራሻ ገልብጡ። ቁጥሩ የሚታይበትን ቦታ ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሡ። እናትየው የላኩበት የባንክ መልእክት ላይ ያለው የግብይት ቁጥር አይጥፋ። ባንኩ ከስሙ ያለፈ የሒሳቡን ባለቤት ማንነት ለእናንተ አይነግራችሁም፤ በፖሊስና በፍርድ ቤት በኩል ነው የሚወጣው። የላኩት በዚያው ቀን ከሆነ ግን ፖሊስ እስኪጽፍ ሳይጠብቁ ለባንኩ ይደውሉ። የንግድ ባንክ 951 ነው፣ የቴሌብር 127።

በዋናው ጥያቄሽ ላይ ግን፦ የሌባውን ስምና ቁጥር አውጥተሽ አትለጥፊ። የሒሳቡ ስም የሌባው ላይሆን ይችላል። ሒሳቡን በትንሽ ብር ያከራየ፣ ወይም መታወቂያውን የተወሰደበት ተማሪ ሊሆን ይችላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን።

ወለተ_ሸዋሮቢት

እኔ አልስማማም። ቁጥሩ ቢለጠፍ ኖሮ እናቴ ሁለተኛውን አትልክም ነበር። ሒሳቡን ያከራየውስ ምን ጻድቅ ነው?

ቆጣሪዋ

ወለተ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ከመስኮት ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ ሰው «ወደዚህ አትላኩ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ስልኩ ላይ አስቀምጦ፣ ከሳምንት በኋላ ያንኑ ቁጥር ሊልክበት ይዞ መጣ። ቁጥሩን አስታወሰ፣ «አትላኩ» የሚለውን ረሳ። ሽማግሌ ናቸው፣ አይፈረድባቸውም።

ማሳየት ካስፈለገ የመሐሉን አሃዞች ሸፍናችሁ፣ ከላዩ ላይ ሐሰተኛ የሚል በትልቁ ጽፋችሁ አሳዩ። ሌባም ነገ ሌላ ሒሳብ ያመጣል፤ ያኔ የለጠፍሽው ቁጥር ከንቱ ነው።

ወለተ_ሸዋሮቢት

ቢሆንም ሙሉው ለፖሊስም ለሕዝብም መውጣት አለበት ባይ ነኝ። እንለያይ በዚህ።

የመንዟ_ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማስረጃውን ይዘናል። እናትየው ነገ ፖሊስ ጋ ይሄዳሉ፤ የኛ ጸሐፊ አብሯቸው ይሄዳል። የቅጂ መብቱን ለሦስቱም ቪዲዮ ሞልቻለሁ።

ማስጠንቀቂያውን አባታችን ራሳቸው እንዲናገሩት አስበናል፣ በየቪዲዮው መጀመሪያ ላይ፣ ከጸሎቱ ቀጥሎ። እንዲህ ብዬ ጻፍሁት፣ እርሙልኝ፦

«ልጆቼ፣ በስማችን የሚለምኑ ሌቦች ተነሥተዋል። እኛ በኮሜንት ገንዘብ አንጠይቅም። በቴሌግራም ኑ አንልም። ለጸሎት ብር አንቀበልም። ለጣሪያው ስትልኩ ባንኩ የሚያመጣላችሁን ስም እዩ። የደብራችን ስም ካልመጣ አትላኩ። ስም ማንበብ የሚከብዳችሁ ባንክ ቤት ሂዱና የደብሩን ስም ተናግራችሁ አስሞሉ። የተጠራጠራችሁ ለጽሕፈት ቤታችን ደውሉ።»

መምሬ_ከአንኮበር_በኩል

መልካም ነው። «ለጸሎት ብር አንቀበልም» የምትለውን ግን አስተካክሏት። ሰው ደብሩ ድረስ መጥቶ ጧፍና ዕጣን ያገባል፣ ስእለቱን ያስገባል። ያ ሊቀር ነው ወይ ብሎ ይደናገጣል። «በስልክ ለጸሎት ብር ላኩ ብለን አንጠይቅም» በሉት።

የስቱዲዮ_ሰው

የስልክ ቁጥሩን በድምፅም ይጥሩት። እና ይህን ቪዲዮ ራሱን ሌባው ሰርቆ የስልክ ቁጥሩን ሊቀይረው እንደሚችል እወቁ። ድምፁ ውስጥ ካለ በጽሑፉ ላይ ያለው ሲቀየር አይገጥምም። ቁጥሩን ሁለት ሁለት አሃዝ አድርገው ቀስ ብለው ይበሉት፣ የባንኩንም እንዲሁ።

ቆጣሪዋ

አንድ የቀረ አለ። ባንኩ የሚያመጣው ስም በላቲን ፊደል ነው፣ ያውም በትልልቁ። ረጅም ከሆነ ደግሞ መጨረሻው ይቆረጣል። «ቅዱስ»ን አንዱ ቅርንጫፍ በአንድ መንገድ ጽፎታል፣ ሌላው በሌላ። እናቶች «የደብራችን ስም ካልመጣ» ሲባሉ አማርኛ ይጠብቃሉ። ስለዚህ የናንተው ሒሳብ ስልክ ላይ ሲመጣ እንዴት እንደሚታይ ስክሪንሾት አንሥታችሁ ቪዲዮው ላይ ለጥቂት ሰከንድ አሳዩ።

የመንዟ_ልጅ

አሁን ሞከርሁት። እውነትም ተቆርጧል፤ የታቦቱ ስም ጠፍቶ የወረዳው ስም ብቻ ነው የቀረው። የጎረቤት ደብር ሒሳብም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚመጣው ማለት ነው። ይህን ባንኩ ያስተካክልልን እንደሆነ ሰኞ ሄደን እንጠይቃለን።

የዩቲዩቡ አንድ ቪዲዮ ወርዷል። ሁለቱ ገና ናቸው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቲክቶክ ላይ በሌላ ስም አየሁት፤ እዚያ አካውንት እንኳ የለንም። አካውንት ሳይኖረን እንዴት ነው አስመሰሉን ብለን የምናመለክተው? የሞከረ አለ?